ስለ አያቴ የምሠራው አጭር ዘጋቢ ፊልም፦ ትረካው ሲነበብ ያምራል፣ ሲሰማ ይጠፋል

የሞጣ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ቤተሰቤ ትዝታ አሥራ አንድ ደቂቃ ገደማ የሚሆን ዘጋቢ ፊልም እየሠራሁ ነው። ቀረጻው አልቋል። አብዛኛው የተቀረጸው ከሞጣ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው የአያቴ ቤት ነው። እሳቸው ቡና እየቆሉ ይናገራሉ፣ ታላቁ አጎቴ ደጅ ተቀምጠው ይጨምሩበታል፣ የቀረውን እኔ በትረካ አገናኛለሁ። ትረካውን ጽፌ ጨርሻለሁ፤ 1300 ቃል ያህል ነው። በወረቀት ላይ ሳየው ደስ ይለኛል። ጮክ ብዬ ሳነበው ግን ትንፋሽ ያጥረኛል፣ የሚያዳምጡኝም መሃል ላይ ሐሳቡ ይጠፋባቸዋል። መክፈቻው ይህ ነው፦

> በምሥራቅ ጎጃም በሞጣ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የገጠር ቀበሌ በ1946 ዓ.ም. ከአርሶ አደር ቤተሰብ የተወለዱትና ስምንት ልጆችን ወልደው ለቁም ነገር ያበቁት አያቴ፣ በ1960 ዓ.ም. የወጣውን የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ በመቃወም በተቀሰቀሰው የጎጃም ገበሬዎች አመፅ ወቅት በአካባቢው የተፈጸመውን የአውሮፕላን ድብደባ በልጅነታቸው የተመለከቱ ሲሆን፣ ይህም በሕይወታቸው ውስጥ የማይሽር ጠባሳ ጥሎ አልፏል።

ሁለተኛ የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። ቤተሰቡ በሙሉ፣ አያቴም ጭምር፣ አውሮፕላኑ የመጣው «በጣሊያን ጊዜ» ነው ይላል። ጣሊያን ከጎጃም የወጣው በ1933 ነው፤ በመታወቂያቸው መሠረት አያቴ የተወለዱት ከዚያ አሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ የሚያወሩት ስለ 1960ው አመፅ መሆን አለበት ብዬ ጻፍሁ። ፊልሙ ላይ ግን እሳቸው «ጣሊያን» ይላሉ፣ እኔ ወዲያው ተከትዬ «1960» እላለሁ። ይህን እንዴት ላስታርቀው?

ካሜራ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ ስሌቱ ቀላል ነው። ተራኪ በደቂቃ 150 ቃል ያነባል። በሥልጠና የተማርነው ይህንን ነው። ለአሥራ አንድ ደቂቃ 1650 ቃል ይገባል ማለት ነው፤ ስለዚህ ያንተ ጽሑፍ ቦታ ይተርፈዋል እንጂ አይበዛም። የጎደለህ ልምምድ ነው። ምስሉን ከፍተህ እያየህ ደጋግመህ አንብበው። እኔ የምረቃና የሠርግ ፊልም ስሠራ ጽሑፉን ከምስሉ ጋር ጮክ ብዬ ሳላነበው ድምፅ ቀድቼ አላውቅም።

አጭር ሞገድ

የመጨረሻው ምክር ትክክል ነው። ከምስሉ ጋር ጮክ ተብሎ ያልተነበበ ትረካ አለቀ አይባልም። ቁጥሩ ግን ለእኛ አይሠራም፤ 150 ለእንግሊዝኛ ንባብ የሚሰጥ ልክ ነው። በአማርኛ «አልነገሩኝም» አንድ ቃል ነው፤ ያልተናገረውም፣ ያልተነገረውም፣ አለመሆኑም እዚያው ውስጥ ታጭቀዋል። ለረጅም ዓመታት ለሬዲዮ ጽፌአለሁ፣ አንብቤአለሁም። በረጋ ንባብ በደቂቃ ከመቶ ቃል ብዙም አላልፍም፤ ሐዘን ያለበት ጽሑፍ ሲሆን ወደ ሰማንያ ይወርዳል። እንግዲህ ልጄ፣ 1300 ቃል ማለት አሥራ ሦስት ደቂቃ ነው። ፊልምህ አሥራ አንድ ነው። አያትህም ገና አልተናገሩም።

ሰዎቹ ራሳቸው በሚናገሩበት ፊልም ከጠቅላላው ርዝመት ሲሶ በላይ ለተራኪ አልሰጥም። ለአንተ ሦስት ደቂቃ ተኩል ይሆናል፤ ወደ 350 ቃል። ይህን ስልህ አትደንግጥ። ከምትቆርጠው አብዛኛው በምስሉ ላይ የሚታይ ወይም አያትህ ራሳቸው የሚሉት ነው።

አሁን ወደ መክፈቻህ። በሰዓት ለካሁት፤ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ነው። ችግሩ ርዝመቱ ብቻ አይደለም። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ እስኪመጣ ድረስ ሰሚው የሰማውን ሁሉ ተሸክሞ መጠበቅ አለበት። አንተ «የተወለዱትና… ያበቁት» ብለህ ስትጀምር ስለ ማን እንደምታወራ አልነገርኸውም። አያትህ ጋ ሲደርስ ሞጣንም ቀበሌውንም ረስቷል። አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያነባል። ሰሚ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ስለዚህ ማንነቱን አስቀድም፣ ለእያንዳንዱ ነገር የራሱን ግስ ስጠው፣ ግሱንም አታርቀው። «ሲሆን»፣ «ወቅት»፣ «በመቃወም በተቀሰቀሰው» የሚሉት ጋዜጣ ላይ ዓረፍተ ነገር ለማጣበቅ ይጠቅማሉ፤ አፍ ላይ ግን ማንም አይላቸውም። አጎትህ ይህን ታሪክ ለጎረቤት ሲያወሩ «በአካባቢው የተፈጸመውን የአውሮፕላን ድብደባ» ይላሉ? «አውሮፕላን መጣብን» ነው የሚሉት። «የማይሽር ጠባሳ» የሚለውን ደግሞ ሙሉ በሙሉ አውጣው። ጠባሳው ካለ በፊታቸው ይታያል፣ በድምፃቸው ይሰማል። ካልታየ አንተ ስላልኸው አይመጣም።

አንድ ሌላ ነገር፣ በወረቀት ላይ የማይታይ። «አያቴ» ስትል ወንድ ይሁኑ ሴት አይታወቅም። ምስሉ ካልቀደመ ሰሚው የፈለገውን ይስላል። ከዚያ አጎትህም አያትህም በአክብሮት ስለሚጠሩ «አሉ»፣ «ነገሩኝ»፣ «እሳቸው» ማንኛቸው እንደሆኑ አይለዩም፤ «አሉ» ደግሞ ሰዎች አሉ ማለትም ይሆናል። በጽሑፍ ድግግሞሽ ያስነውራል እየተባልን አድገናል። በትረካ ግን «አያቴ» ባልህበት ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ሳትሳቀቅ «አያቴ» በል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጀምራለሁ፦

> የአባቴ እናት ናቸው።
> የሚቆሉት ለእኔ ነው።

አበቃ። ከዚያ እሳቸው ይናገሩ። «የአባቴ እናት» ስትል ዝምድናውም ጾታውም በአንድ ጊዜ ተነገረ። ቡና እየቆሉ መሆኑን ምስሉ ያሳያል፣ ለማን እንደሚቆሉ ግን ምስሉ አያውቅም፤ ያ የአንተ ሥራ ነው። የተወለዱበት ዓመትና የልጆቻቸው ብዛት ኋላ የሚያስፈልግ ከሆነ ያኔ ይመጣል።

ስለ ዓመተ ምሕረቱ ጉዳይ ከመመለሴ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። አያትህ በትክክል ያሉት ምንድን ነው? ቃል በቃል ጻፈው።

ቡሬ መንገድ

የሞጣ ልጅ፣ የዘር ሐረግ መመዝገብህ በጣም ጥሩ ነው፤ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ይገባሃል፣ አለበለዚያ ቤተሰቡ ቅር ይለዋል። በአባት በኩልም በእናት በኩልም ሽማግሌዎቹን ጠይቅና በዝርዝር አንብበው። እኔም የአባቴን ልሠራ እፈልጋለሁ። አባቴ በ1978 ከወሎ ወደ ፓዌ ከሰፈሩት ናቸው፤ አሁን የምንኖረው ቡሬ ነው። ችግሬ፣ አባቴ የጉዞውን ታሪክ በነገሩኝ ቁጥር ይለያያል። አንዴ በጭነት መኪና ነው ይላሉ፣ አንዴ በአውቶቡስ። አንዴ እናቴ አብራቸው ነበረች፣ አንዴ ከኋላ የመጣች ናት። የትኛውን ልጻፍ?

የሞጣ ልጅ

ቡሬ መንገድ፣ የእኔ ስለ አንድ ቀን ነው፣ የዘር ቆጠራ የለበትም። ያንተ ጥያቄ ግን ከእኔው ሁለተኛ ጥያቄ ጋር የሚገናኝ ይመስለኛል።

አጭር ሞገድ፣ በጣም አመሰግናለሁ። አያቴ ያሉት እንዲህ ነው፦ «በቤተ ክርስቲያኑ በኩል መጣ። ዋርካውን ሊነካው ነው። እናቴ እጄን ይዛ ዋሻ አስገባችኝ። ሁለት ሌሊት እዚያው አደርን። በጣሊያን ጊዜ ነው።» ከዚያ ቡናውን ያማስላሉ፣ ብዙ ጊዜ ዝም ይላሉ።

ስምንት ልጆች ማሳደጋቸውን ማውጣት ግን ይከብደኛል። ያለ ረዳት ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው።

አጭር ሞገድ

ልጆቹን አታውጣቸው፣ ከዚህ ቦታ አንሣቸው። ስለ አውሮፕላን በሚናገር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ካስገባሃቸው መረጃ ይሆናሉ። አጎትህ ደጅ ተቀምጠው በሚታዩበት ቦታ «ከስምንቱ የመጀመሪያው ናቸው» ብትል ሰሚው ስምንቱንም ይቆጥራል፣ አጎትህንም ያውቃቸዋል።

አሁን ወደ ቀኑ። አያትህ «ዋሻ አስገባችኝ» ካሉ፣ በ1960 አሥራ አራት ዓመታቸው ነው። በዚያ ዘመን በእኛ አገር የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ተድራ ነበር። የተዳረች ሴት ደግሞ በባሏ ቤት ትሆናለች እንጂ በእናቷ እጅ ተይዛ ዋሻ አትገባም። ምናልባት አንተ አንድ የምትለው ትዝታ ሁለት ነው። የራሳቸውና የእናታቸው። ይህ የተለመደ ነው፤ እናት ደጋግማ የነገረችው ታሪክ ከራስ ትዝታ ጋር ይቀላቀላል።

ስለዚህ ዓመተ ምሕረት አትጠይቃቸው። «መቼ ነበር?» ስትላቸው የሚመልሱት ቤተሰቡ የለመደውን ነው። ከሕይወታቸው ጋር አያይዘህ ጠይቅ። ያኔ ተድረው ነበር? የበኩር ልጅ ተወልዶ ነበር? ማሳው ላይ ምን ነበር፣ ታጭዷል ወይስ ቡቃያ ነው? ዋሻው ውስጥ ምን በላችሁ? የአንዲት ሴት ትዳርና የመጀመሪያ ወሊድ ከመታወቂያ የበለጠ ያስተማምናል፤ መታወቂያ ላይ ያለው ዕድሜ ብዙ ጊዜ በግምት የተሞላ ነውና እሱንም እንደ ማስረጃ አጥብቀህ አትያዘው።

ቡሬ መንገድ፣ ለአንተም ተመሳሳይ ነው። የሚለዋወጠውን ተወውና የማይለዋወጠውን ፈልግ። አባትህ ታሪኩን በነገሩህ ቁጥር የሚመለሱበት አንድ ነገር ይኖራል፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ ሰው የተናገረው ቃል። ትረካህን እዚያ ላይ ትከለው። መኪናም ይሁን አውቶቡስ አባትህ በድምፃቸው ይበሉት፤ አንተ በተራኪ ድምፅ ከደገምኸው ግን ፊልሙ ማረጋገጫ ሰጠው ማለት ነው።

የዋሸራ ተማሪ

ስለ ንባቡ አንድ ነገር ልጨምር። በንባብ ቤት ግእዝ ስንማር ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ እያልን ቃሉ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን ለይተን ነው የምናነበው። እነዚህን ያወቀ ሰው የትም አይሰናከልም። ትረካህ ላይ በየቃሉ ተነሽ፣ ወዳቂ እያልህ ምልክት አድርግበት። ድምፅህ ማዕረግ ያገኛል።

አጭር ሞገድ

ምልክት ማድረጉን እደግፋለሁ፤ የግእዙን ሥርዓት ወደ አማርኛ ትረካ ማምጣቱን ግን አልደግፍም። አማርኛ በዚያ መንገድ አይነሣም አይወድቅም፤ እንደዚያ ካነበብኸው ስለ አያትህ የምታወራ ሳይሆን ድርሳን የምታሰማ ትመስላለህ። ለአማርኛ የሚያስፈልገው የሚጠብቀውንና የሚላላውን መለየት ነው፤ ፊደላችን አያሳየውምና። «አለ» ከጠበቀ መኖር ነው፣ ከላላ መናገር ነው። ጽሑፉን የጻፍኸው አንተ ብትሆንም ማይክራፎን ፊት ስትቀመጥ ዓይንህ ቀድሞ ያየውን አፍህ ይለዋል። በሚያሳስቱት ፊደሎች ራስ ላይ በእርሳስ ነጥብ አድርግ፤ የሚጠብቀው ላይ ብቻ። ትንፋሽ የምትወስድበትን ደግሞ በሰያፍ መስመር ቁረጠው። በአንድ ገጽ ከአሥር በላይ ምልክት ካስፈለገህ ችግሩ ከንባቡ ሳይሆን ከጽሑፉ ነው።

ቁጥሮችንም በፊደል ጻፋቸው። «1960 ዓ.ም.» ብለህ ከጻፍህ አንዱ ቅጂ ላይ «ሺህ ዘጠኝ መቶ» ትላለህ፣ ሌላው ላይ «አሥራ ዘጠኝ መቶ»፤ ሁለቱን ቆርጠህ መቀጠል ስትፈልግ አይገጥሙልህም።

የዋሸራ ተማሪ

ድርሳንም ቢሆን ጆሮ ይዞ የሚቆየው በንባቡ ማማር ነው። ሆኖም ስለ መጥበቅና መላላቱ ያሉት ይገባኛል።

ደጀን ማዶ

እኔ የምኖረው ከአገር ውጭ ነው፤ የቤተሰቤ ሥር ቢቸና ነው። ስለ ታሪኩ አንድ ነገር ልበል፤ ልጁ «ጣሊያን ሊሆን አይችልም» ብሎ ፈጥኖ እንዳይዘጋው እፈራለሁ። ጣሊያንም ጎጃምን በአውሮፕላን ደብድቧል፤ አርበኞቹን ማስገበር ሲያቅተው የገጠር መንደሮችን መትቷል። ስለዚህ የአያትህ እናት በእውነትም ከጣሊያን አውሮፕላን ሸሽተው ዋሻ ገብተው ሊሆን ይችላል። በ1960 የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። መንግሥት የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ አወጣ፤ ገማቾች መጥተው ምርቱን ሊገምቱ ሆነ። ገበሬው ያመረረው በገንዘቡ ብቻ አይደለም። ዛሬ ምርቱን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ ከተለካ ርስትነቱ ይቀራል ብሎ ነው። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት ተነሡ። ጦርም አውሮፕላንም ተላከ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ከጎጃም ገዥነታቸው ተነሡ፣ የተጠራቀመው ውዝፍ ግብርም ተማረ።

ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የምለው ይህ ነው፤ የአያትህን ንግግር በገዛ ፊልማቸው ላይ አታርማቸው። እሳቸው በገዛ ቤታቸው ቡና እየቆሉ የተናገሩትን የልጅ ልጃቸው በማይክራፎን «አይ፣ እንዲህ አይደለም» ሲል መስማት ያሳፍራል። ዓመተ ምሕረቱን ማስቀመጥ ካለብህ በጽሑፍ ከምስሉ ሥር አድርገው። እዚያ ላይ በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር፣ 1960 እና 1968፣ መጻፍ ትችላለህ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን «በስልሳ» ስትላቸው የራሳቸውን ስልሳዎቹን ነው የሚያስቡት።

የሞጣ ልጅ

አጎቴ ቤት ደውዬ ከአያቴ ጋር አወራሁ። አጭር ሞገድ እንዳሉት ስለ ዓመቱ ሳልጠይቅ ስለ ትዳራቸው ጠየቅኋቸው። አውሮፕላኑን ያዩት ከተዳሩ በዓመቱ ነው፤ አጎቴ ገና አልተወለዱም። ባላቸው ቤት ነበሩ። ማሳው ላይ ጤፍ ነበር፣ አረም እያረሙ ሳለ ነው የመጣው። ዋርካውን ሊነካ የደረሰው ያ ነው። «ታዲያ እናትዎ እንዴት ዋሻ አስገቡዎት?» አልኋቸው። ዝም ብለው ቆዩና «እሱስ እናቴ የምትለው ነው» አሉኝ። አጎቴ በስልኩ ጀርባ «እኔ ሁሉም የእሳቸው ይመስለኝ ነበር» ሲሉ ይሰማል።

ስለዚህ ሁለት አውሮፕላን ነው። አዲሱ መክፈቻ ይኸው፦

> [ምስል፦ እጅ፣ ምጣድ፣ ቡና። ድምፅ፦ ቡናው ሲንጣጣ፣ አራት ሰከንድ።]
> የአባቴ እናት ናቸው።
> የሚቆሉት ለእኔ ነው። ስለ አንድ ቀን ልጠይቃቸው መጥቼ ነው።
> [አያቴ፦ «በቤተ ክርስቲያኑ በኩል መጣ… በጣሊያን ጊዜ ነው።»]
> [ዝምታ፣ ሦስት ሰከንድ።]
> ቤታችን ይህን ታሪክ እንዲህ ነው የሚያወራው። በጣሊያን ጊዜ።
> ዋሻው የአያቴ እናት ነው። እሳቸው ከጣሊያን ሸሽተዋል።
> ዋርካው የአያቴ ነው።
> አያቴ በተዳሩ በዓመቱ፣ መንግሥት ለገበሬው አዲስ ግብር አመጣ።
> ገበሬው ግብሩን ብቻ አልፈራም። መሬቴን ሊለኩት ነው አለ። ርስቴን ሊወስዱት ነው አለ።
> ሞጣ እምቢ አለ። ቢቸና እምቢ አለ። ዳሞት እምቢ አለ።
> መንግሥት አውሮፕላን ላከ።
> ያን ቀን አያቴ ጤፍ ያርሙ ነበር።

የግብሩን ዓመት ከድምፁ አውጥቼ ከምስሉ ሥር በጽሑፍ አደረግሁት።

አጭር ሞገድ

ይህ ይሰማል። «ሞጣ እምቢ አለ» የሚለውን ሦስቱን አንድ ላይ አትሩጥባቸው፤ ጆሮ መደጋገሙን የሚወደው በየመሃሉ ትንፋሽ ሲኖር ነው።

ሁለት ቦታ ላይ ግን ቁም። «ዋሻው የአያቴ እናት ነው» የሚለው በወረቀት ላይ ይገባል፤ ሲሰማ ግን ዋሻው ሰው የሆነ ያስመስላል። «ዋሻ የገቡት የአያቴ እናት ናቸው» በለው። ረዘመ፣ ግን ማንም አይስተውም። ከዚያ «ዋርካውን ያዩት አያቴ ናቸው» ይከተል። ሁለተኛው፣ «እሳቸው ከጣሊያን ሸሽተዋል» ስትል «እሳቸው» እናትየዋ ናቸው ወይስ አያትህ? እዚያም ስሙን መልሰው።

ደጀን ማዶ ስለ እርማቱ ያሉት ከብዶኛል፤ ግን አልስማማም። ልጁ እያረመ አይደለም፤ ሁለቱንም ሴቶች ለየብቻ እየሰማ ነው። ዝም ብንል የእናትየዋ ዋሻ በልጅቱ ዋርካ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል።

ደጀን ማዶ

እህቴ፣ ጽሑፉ ከመጀመሪያው በጣም መሻሻሉን አልክድም። ይሁን እንጂ አያቲቱ «በጣሊያን ጊዜ ነው» ካሉ በኋላ ሦስት ሰከንድ ዝምታ፣ ከዚያ «ቤታችን እንዲህ ነው የሚያወራው» ሲባል፣ ሰሚው ያን ዝምታ «ተሳስተዋል» ብሎ ይሰማዋል። በስልክ ያሉት «እሱስ እናቴ የምትለው ነው» የሚለው ቃላቸው እኮ አለ። ልጁ ተመልሶ ሄዶ ያን በራሳቸው ድምፅ ቢቀዳው ተራኪው ስለ ዋሻው አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም።

አጭር ሞገድ

ይህ ከእኔው ይበልጣል። መሄድ ከቻለ ይሂድ። አንድ ጊዜ በስልክ የተባለ ነገር በካሜራ ፊት ሲጠየቅ ያው ሆኖ አይመጣም፤ ካልመጣ የእኔን አማራጭ ይዞ ይቆይ።

ካሜራ ከፍኖተ ሰላም

ቃሉን በእኔ መንገድ ቆጥሬ ስመጣና ጽሑፉን ከምስል ጋር ሳስበው ልዩነቱን አየሁት። ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተራኪው የልጅ ልጅ መሆኑ አይቀርም? ሰው የሚያዳምጠው የሠለጠነ ድምፅ ነው። ባሕር ዳር ጥሩ አንባቢዎች አሉ፣ ዋጋቸውም አይከብድም።

የሞጣ ልጅ

«የሚቆሉት ለእኔ ነው» የሚለውን ሌላ ሰው ካነበበው ውሸት ይሆናል። ስለዚህ እኔው ነኝ የማነበው። ቀረጻውን የት ላድርገው ግን? የምኖርበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ዝናቡ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከጀመረ አያቆምም።

ድምፅ ቀራጭ

በጠዋት ቅዳ፤ በክረምት ደመናው የሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው። ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል አትምረጥ፤ ድምፁ ተመልሶ ይመጣና የመታጠቢያ ቤት ያስመስልሃል። ፍራሽ ከኋላህ አቁም፣ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከፊትህ በገመድ ስቀል፣ ማይክራፎኑን ከአፍህ አንድ ስንዝር አርቀህ ትንሽ ወደ ጎን አዙረው። ፊት ለፊት ካደረግኸው «ፐ» እና «ጰ» ላይ ትንፋሽህ ይመታዋል፤ «አውሮፕላን» የሚለው ቃልህ በሙሉ ይበላሻል። ስልክ ብቻ ካለህም ይቻላል፤ የበረራ ሁኔታ ላይ አድርገው፣ ድምፁን የሚቀዳበትን ቀዳዳ በእጅህ አትሸፍን።

ከጨረስህ በኋላ ሳትንቀሳቀስ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዳ። የክፍሉ ዝምታ ነው። ያ ሦስት ሰከንድ ዝምታህን ፍጹም ባዶ አድርገህ ካስገባኸው ሰሚው ፊልሙ የተቋረጠ ይመስለዋል። በአያትህ ቤትም ቡናው ከተቆላ በኋላ ያለውን ዝምታ ቀድተህ ከሆነ ያንን ተጠቀም፤ ካልቀዳህ ለዋሻው ንግግር ስትሄድ ቅዳው።

ቡሬ መንገድ

አባቴን እንደገና አዳመጥኋቸው። በሁሉም ጊዜ የሚመለሱበት አንድ ነገር አለ፤ ከቤት ሲወጡ በሩን መዝጋታቸውና ቁልፉን ይዘው መምጣታቸው። ቁልፉ አሁንም ቤታችን አለ። ይህን ተራኪው ይናገር ወይስ እሳቸው?

አጭር ሞገድ

ቁልፉን አሳይ፣ እሳቸው ይናገሩ፣ አንተ ዝም በል።

የሞጣ ልጅ

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ሞጣ እሄዳለሁ። ጽሑፉን ለአያቴ አስቀድሜ ላንብብላቸው ወይስ ፊልሙ ካለቀ በኋላ ይዩት? ካነበብሁላቸው ንግግራቸውን ከእኔ ጽሑፍ ጋር ሊያስማሙት ይችላሉ ብዬ እሰጋለሁ።

ደጀን ማዶ

መጀመሪያ ስለ ዋሻው ይንገሩህ። ተቀድቶ ካበቃ በኋላ ያኔውኑ አንብብላቸው። የማይስማሙበት ዓረፍተ ነገር ካለ እዚያው ላይ ይነግሩሃል፣ የሚያስተካክሉትንም ቅዳው።

ድምፅ ቀራጭ

ትረካውን ግን ከዚያ ጉዞ በፊት አትቅዳ። ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ካነበብኸው ድምፅህ ሁለት ሰው ይመስላል። ተመልሰህ፣ ጽሑፉ ካለቀ በኋላ፣ «ዋሻ የገቡት» የሚለውን አማራጭ ጨምረህ ሁሉንም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መቀመጫ አንብበው። የማትጠቀምበትን ማውጣት ይቀልሃል።